ከስሙ በኋላ ዝም ይበሉ

እሑድ ጠዋት ነው፤ የእድር ጠቅላላ ጉባኤ። የሒሳብ ሪፖርቱ ተሰምቶ አልቋል። ስለ ኩላሊት በሽታ እንዲናገሩ የተጋበዙት ሐኪም ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። መድረክ መሪው ሁለት ገጽ ወረቀት ይዘረጋና «እንግዳችን ከእናታቸውና ከአባታቸው በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ብሎ ማንበብ ይጀምራል።

ይህ አጀማመር ለእድርተኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ የሚጀምረውም እንዲሁ ነው። ሰው ሲሞት ሕይወቱን ከጥንት እስከ ዛሬ በቅደም ተከተል መተረክ ተገቢ ነው፤ ታሪኩ አልቋልና። ሊናገር የመጣን ሰው ግን በዚያው መንገድ ስናስተዋውቀው አድማጩ ከልደት ተነሥቶ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኩል አልፎ፣ ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ሲቆጥር ቆይቶ ዛሬ የሚፈልገው ነገር ላይ ሲደርስ ይደክማል። እኔም መድረክ መምራት በጀመርኩበት ሰሞን እንዲህ አደርግ ነበር። እንግዳው የላከውን ወረቀት ሳላሳጥር ማንበብ የአክብሮት ምልክት ይመስለኝ ነበር።

አድማጭ በዚያች ደቂቃ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ «ይህ ጉዳይ እኔን ምን ያገባኛል?» እና «ስለዚህ ጉዳይ ደግሞ እኚህን ሰው ለምን ልስማ?»። አሜሪካዊው የንግግር መምህር ዴል ካርኔጊ፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1962 በታተመው የንግግር መጽሐፉ፣ ለዚህ ቀላል ቅደም ተከተል አስቀምጧል፦ መጀመሪያ ርእሰ ጉዳዩ፣ ቀጥሎ ለዚህ አድማጭ ያለው ጥቅም፣ በመጨረሻ ተናጋሪው። ልብ ይበሉ፤ ሰውየው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሰውየው ጀምረን በሰውየው እንጨርሳለን፤ ጉዳዩን ጭራሽ ሳናነሣው የምንወርድበትም ጊዜ አለ።

ወደ እድሩ ጉባኤ እንመለስና ማስተዋወቂያውን እንደገና እናዘጋጀው። ሥራው የሚጀምረው ከጉባኤው ሁለት ሦስት ቀን በፊት በስልክ ነው። ለሐኪሙ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምን ሊነግሩን እንዳሰቡ፣ ከሥራቸው የትኛው ቢጠቀስ እንደሚወዱና የትኛው ባይነሣ እንደሚመርጡ፣ ከዚያም ስማቸውን ከነማዕረጋቸው እንዴት እንደሚጠሩት። የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። በወረቀት ላይ ብቻ ያዩትን ስም በልማድ ከጠሩት ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ከባለቤቱ አፍ ከሰሙት ግን ይይዙታል። ማዕረግም እንዲሁ ነው። «ዶክተር» ብለን ብቻ ስንተወው አድማጩ ሐኪም መሆናቸውን ይሁን የሦስተኛ ዲግሪ ባለቤት መሆናቸውን አያውቅም። ረዳት ፕሮፌሰርን «ፕሮፌሰር» ብሎ ማሳደግ ደግሞ ክብር መጨመር አይደለም፤ እንግዳውን በባልደረቦቹ ፊት ያሳፍረዋል።

ከሁለቱ ገጽ ውስጥ የሚቀረው ለዛሬው ጉዳይ ምስክር የሚሆን አንድ ወይም ሁለት ነገር ነው። ሐኪሙ በውጭ አገር ሥልጠና ወስደው፣ በጆርናል ጽፈው፣ የኮሚቴ አባልም ሆነው ይሆናል። ለእድርተኛው የሚበልጥበት ግን በየሳምንቱ ከኩላሊት ሕሙማን ጋር መዋላቸው ነው። እንግዲህ ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ዛሬ የምንሰማው ስለ ኩላሊት ነው። ባለፈው ዓመት ለሁለት አባሎቻችን የእጥበት ወጪ ስናዋጣ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያኔ ብዙዎቻችሁ ‹ቀድሞ ማወቅ አይቻልም ነበር ወይ?› ብላችሁ ነበር። ይህን ጥያቄ ይዘን የሄድንባቸው ሐኪም ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት የኩላሊት ሕሙማንን ሲያክሙ የኖሩ ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚውሉት እጥበት ክፍል ውስጥ፣ ከሕሙማንና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ነው። ዛሬ እዚያ ክፍል ሳንደርስ ምን ማድረግ እንደምንችል ይነግሩናል። በጭብጨባ እንቀበላቸው፤ የሕክምና ዶክተር…» ከዚያ ስማቸው፣ ከዚያ ዝምታ።

ቀስ ብለው ቢያነቡት እንኳ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይርቅም። የታመሙት ሁለቱ አባላት ስም አልተጠራም፤ መጠራትም የለበትም። ስለ ኩላሊትም አንዳች ትምህርት አልሰጠንም። መድረክ መሪ በጣም የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እንግዳው በስልክ የነገሩትን አስደናቂ ነገር ራሱ ሊናገረው ይጓጓል። «የደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ ኩላሊት እንደሚጎዳ ታውቃላችሁ?» ካለ ግን ሐኪሙ የተዘጋጁበትን መክፈቻ ወሰደባቸው ማለት ነው። ጥያቄውን ያንሡ፤ መልሱን ለባለቤቱ ይተዉ።

ስሙን መጨረሻ ላይ ማድረግ በአማርኛ ጥቂት ዘዴ ይጠይቃል። ቋንቋችን ግሡን የሚያመጣው በመጨረሻ ነውና «ዶክተር እከሌን ወደ መድረኩ እንዲመጡ በአክብሮት እጋብዛለሁ» ስንል ጭብጨባው ስሙ ላይ ይነሣና የቀረው ዓረፍተ ነገር ይዋጣል። እንግዳውም ይነሡ፣ ይቆዩ ግራ ይገባቸዋል። ስለዚህ ግሡን አስቀድመው ይጨርሱት፤ ስሙን ብቻውን ያስቀሩት። ስሙን ሲጠሩ ወደ አዳራሹ ይመልከቱ። እንግዳው መድረኩ ጋ እስኪደርሱ ድረስ ቦታዎን አይልቀቁ፤ ባዶ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ማይክራፎኑን ራሱ ሲፈልግ የሰጡት ድምቀት ይበርዳል።

የሚተዉትን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። «መግቢያ የማያስፈልጋቸው» የሚለውን ይተዉት፤ የማያውቃቸው አድማጭ ባይተዋርነት ይሰማዋል። «እያሳቁ ያስተምሯችኋል» ብሎ ቃል መግባትም ለተናጋሪው ዕዳ ነው። ዕድሜያቸውን፣ የትዳራቸውን ነገር፣ ራሳቸው አንሡልኝ ያላሉትን የትውልድ አካባቢያቸውን አይጥቀሱ። እሳቸው የመጡት ሌላ እንግዳ ስለቀረ ከሆነ ይህንን አድማጩ ማወቅ አያስፈልገውም። ከእንግዳው ጋር አብረው የተማሩ ወዳጅ ከሆኑም «እሱ ማለት…» እያሉ ጀምረው ወደ «እሳቸው» አይመለሱ። መድረክ ላይ አንቱታን ከመረጡ እስከ መጨረሻው ይዝለቁበት። ወጣት እንግዶች አንዳንዴ አንቱታው ያርቀናል ይላሉ፤ ይህንንም በዚያው የስልክ ጥሪ መጠየቅ ይቻላል።

ያዘጋጁትን ጮክ ብለው፣ ሰዓት ይዘው ያንብቡት። ከአንድ ደቂቃ ተኩል ካለፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ያውጡ። ተሳክቶልዎ እንደሆነ የሚያውቁት እንግዳው አፋቸውን በከፈቱባት ቅጽበት ነው። «እርግጥ አሁን የምሠራው እዚያ አይደለም» ወይም «ይህ ሁሉ ለኔ አይገባም» ብለው ከጀመሩ ማስተዋወቂያው ሥራ ጨምሮባቸዋል። በቀጥታ ስለ ኩላሊት ማውራት ከጀመሩ በትክክል ሠርተዋል።