አብሲቱ ላይ የቆመ አንባቢ

ሚኒያፖሊስ ያለች አንዲት ሴት በብርድ ወቅት የጤፍ እንጀራ ስለማቡካት የተጻፈ ነገር በስልኳ እያነበበች ነው እንበል። ሊጡ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ገና አልበሰለም። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳለች «ለአዳዲስ መረጃዎች ይመዝገቡ» የሚል ሳጥን ፊቷ ድንቅር ይላል። ትዘጋዋለች። እኔም ብሆን እዘጋዋለሁ።

ዝቅ ብላ አብሲት የሚጣልበትን ቀን ስትፈልግ ግን ሌላ ነገር ብታገኝስ? «የሊጥዎን ቀንና የቤትዎን ሙቀት የሚመዘግቡበት፣ ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አለን፤ በኢሜይል እንላክልዎ?» ይህን ለመዝጋት አትቸኩልም።

ለአንድ ጽሑፍ ብቻ ተለክቶ የሚሰፋ ስጦታ የሚባለው ይኸው ነው። ዘዴው እንዲታወቅ ካደረጉት አንዱ የ«ባክሊንኮ» ድረ ገጽ መሥራች ብራያን ዲን ነው። ጉግል ገጾችን ደረጃ ያስይዝባቸዋል የሚባሉትን 200 መመዘኛዎች የዘረዘረ፣ ብዙ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነበረው፤ ኢሜይሉን ትቶ የሚሄደው አንባቢ ግን ጥቂት ነበር። ለዚያ ጽሑፍ ብቻ የሚሆን አጭር የሥራ ዝርዝር አዘጋጅቶ ሲያቀርብ ምዝገባው በ785 በመቶ አደገ ሲል ጽፏል። ቁጥሩ አያስደንግጥዎ፤ መነሻው ከመቶ አንባቢ አንድ እንኳ የማይሞላ ነበር፣ መድረሻውም አምስት ገደማ ነው።

ወደ ሊጡ እንመለስ። ስጦታውን ለመምረጥ ጽሑፉን እንደ እንግዳ አንብቦ የአንባቢው እጅ የሚቆምበትን ቦታ መፈለግ ነው። እርሾ ጨምሮ ማቡካት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ላይ ያቀረረው ውኃ የሚደፋበትንና አብሲቱ የሚጣልበትን ጊዜ ማወቅ ነው፤ ምክንያቱም ቀኑን የሚወስነው የቤቱ ሙቀት ነው። ዱባይ በሁለት ቀን የሚደርሰው ሊጥ ስቶክሆልም ላይ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ ሊጡ ላይ የታየውን ምልክትና የተደረገውን ብቻ ይያዝ። 50 ገጽ የምግብ መጽሐፍ ልስጥ የሚል ሰው ይሳሳታል፤ አንባቢዋ ታወርደዋለች እንጂ አትከፍተውም። የባሰው ጥፋት ደግሞ የአብሲቱን አሠራር ከጽሑፉ አውጥቶ ከቅጹ ጀርባ መደበቅ ነው። ጽሑፉ ያለ ስጦታው ሙሉ መሆን አለበት።

ፋይሉ ፒዲኤፍ ይሁን፤ የአማርኛው ፊደል ውስጡ መካተቱን ግን በሌላ ሰው ስልክና ኮምፒውተር ከፍተው ያረጋግጡ። አለዚያ ሠንጠረዡ በባዶ ሳጥኖች ተሞልቶ ሊደርሳት ይችላል።

ቅጹ ስለ አብሲት ከሚያወራው አንቀጽ ቀጥሎ ይግባ። የሚጠይቀውም ኢሜይል ብቻ ይሁን፤ ሠንጠረዥ ለመላክ የአባት ስምና ስልክ ቁጥር ምን ያደርጋል? ቁልፉ ላይ «አስገባ» ከማለት «ሠንጠረዡን ላኩልኝ» ይሻላል። ሠሪው ባለሙያ ከሆነ ይህችን መስመር ያሳዩት፦

```html
<input type="email" name="email" autocomplete="email" required>
```

`email` የሚለው ዓይነት ስልኩ @ ያለበትን የፊደል ሰሌዳ እንዲያወጣ ያደርጋል፤ አድራሻው @ ከጎደለውም አሳሹ ይመልሰዋል።

ሠንጠረዡን የጠየቀች ሴት ሳምንታዊ ደብዳቤ ጠይቃለች ማለት አይደለም። ደብዳቤም የሚልኩ ከሆነ ለብቻው ይጠይቋት፤ የምልክት ሳጥኑንም ባዶ ይተዉት። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይደለም ብሎ ወስኗል። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

የት እንደተበላሸ ለማወቅ ሦስት ቁጥር ይበቃል። ከ1,000 አንባቢ 20 ብቻ ቅጹን ከነኩት ስጦታው ከጽሑፉ አልገጠመም፣ ወይም ቦታው አልታየም። 100 ነክተው 20 ከሞሉት ቅጹ ብዙ ጠይቋል። 80 ሞልተው ፋይሉን 15 ብቻ ካወረዱት ግን መልእክቱን ፍለጋ መሄድ ነው፤ አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ገብቶ ይሆናል፣ ወይም አድራሻዎቹ የውሸት ናቸው።

ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ማድረግ አያዋጣም። ብዙ ሰው የሚያነበውን አንዱን ይምረጡ። ሠንጠረዡንም አስቀድመው በብርድ አገር እንጀራ ለምትጋግር ዘመድዎ ይላኩላት፤ ማቀዝቀዣዋ ላይ ካልለጠፈችው ቅጹን መሥራት አይጀምሩ።