ሲፒአይ ከፍ ብሎም ፕሮግራሙ ሲፈጥን

የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሁሉንም ትዕዛዝ በእኩል ጊዜ አይፈጽምም። መደመር በ1 የሰዓት ምት ሲያልቅ፣ ከማስታወሻ መረጃ ማምጣት ብዙ ምት ሊወስድ ይችላል። ለአንድ ትዕዛዝ በአማካይ የሚወጣው የምት ብዛት ሲፒአይ ይባላል።

በሴኮንድ 2 ቢሊዮን ጊዜ በሚመታ ፕሮሰሰር ላይ 1 ቢሊዮን ትዕዛዝ ያለው ፕሮግራም እናስሂድ። ከትዕዛዞቹ 50 በመቶው ስሌት ነው፤ እያንዳንዱ 1 ምት ይወስዳል። 30 በመቶው የማስታወሻ ሥራ ሲሆን 4 ምት፣ 20 በመቶው ደግሞ ዝላይ ሲሆን 2 ምት ይፈልጋል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ 1፣ 4 እና 2ን ደምሮ ለ3 ያካፍልና 2.33 ያገኛል። ይህ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ሦስቱ ዓይነቶች እኩል አይደጋገሙም። እያንዳንዱ በድርሻው መባዛት አለበት፦

```
CPI = 0.5×1 + 0.3×4 + 0.2×2 = 2.1
T = 1e9 × 2.1 / 2e9 = 1.05 s
```

አሁን ኮምፓይለሩ ከስሌት ትዕዛዞቹ ግማሹን አስወገደ እንበል። 750 ሚሊዮን ትዕዛዝና 1.85 ቢሊዮን ምት ይቀራሉ። ሲፒአይው ወደ 2.47 ገደማ አሻቀበ፤ ፕሮግራሙ ግን በ0.925 ሴኮንድ ጨረሰ። የወጡት ርካሾቹ ትዕዛዞች ስለሆኑ አማካዩ ወደ ውዶቹ አዘነበለ እንጂ ሥራው አልከበደም። ስለዚህ ሲፒአይን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

የማስታወሻው 4 ምትም ቋሚ አይደለም፤ መረጃው በካሽ ውስጥ ከሌለ ከመቶ ምት በላይ ሊደርስ ይችላል። በሊኑክስ `perf stat` የሚያሳየውን የምት ብዛት ለትዕዛዝ ብዛት ሲያካፍሉ ከስሌትዎ እጅግ ከበለጠ፣ መጀመሪያ ካሹን ይጠርጥሩ።