ለአርፋጅ ጓደኛ ምን ይባላል? መቼስ ይባላል?

ቀጠሮ የማያከብር ጓደኛ ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱን ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ ችለው ችለው አንድ ቀን በማይረባ ነገር ይፈነዳሉ። አንዳንዶቹ በቀልድ ይወጉታል፤ «ዛሬማ ፀሐይ በምዕራብ ሳትወጣ አልቀረችም» ይላሉ፣ ያውም ሰውየው በሰዓቱ በመጣበት ቀን። የቀሩት ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ሊገናኙ ፈልገው «8 ተኩል» ብለው ይቀጥሩታል። ዝምታው ቂም ያጠራቅማል። ቀልዱ በሰዓቱ መምጣትን ራሱን ያስጠላል። የውሸቱ ሰዓት እስኪነቃበት ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን አርፋጁ «8 ተኩል ሲሉኝ 9 ማለታቸው ነው» ብሎ ያሰላና ጨዋታው እንደገና ይጀምራል። በሦስቱም መንገድ ጓደኛው ያልሰማው አንድ ነገር አለ፤ ማርፈዱ ሌላውን ሰው ምን እንዳስከፈለው።

እንዳይነገር የሚያደርገው ፍርሃት ግልጽ ነው። «የሐበሻ ቀጠሮ» በሚባልበት አገር ስለ ሰዓት መናገር አጉል ፈረንጅ መሆን ይመስላል። ነገር ግን ሰርግ ላይ ወይም ልደት ላይ ማርፈድና ሁለት ሰዎች ብቻ በያዙት ቀጠሮ ማርፈድ አንድ አይደሉም። ሰርጉ አንድ ሰው ቢያረፍድም ይቀጥላል። ሁለት ሰዎች ብቻ ሲቀጣጠሩ ግን አንዱ ካልመጣ የሌላው ሰዓት ይቆማል። ስለዚህ ንግግሩን ወደ ባህል ክርክር ሳይወስዱ በዚያ በቆመው ሰዓት ላይ ማቆየት ይቻላል።

እንዴት እንደሚሆን ለማየት ሁለት ጓደኛሞችን እናስብ፤ ሐና እና መሠረት እንበላቸው። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ መገናኛ አካባቢ ካፌ ውስጥ ተቀጣጥረዋል። ሐና የሦስት ዓመት ልጇን ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። እናቷ ማታ ለቅሶ ስለሚደርሱ ሐና 11 ሰዓት ላይ ከካፌው መነሳት አለባት። 9 ከሩብ ላይ ስትደውል መሠረት «መንገድ ላይ ነኝ፣ እየደረስኩ ነው» ትላታለች፤ ከስልኩ ጀርባ ግን የቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ መጥቶ «ምን ልታዘዝ?» ይላል። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሐና አፍራ ያላማራትን ማኪያቶ ታዛለች። ቅዳሜ ነውና ካፌው ሞልቷል፤ ባዶውን ወንበር ለሚጠይቃት ሁሉ «ሰው አለው» ትላለች። መሠረት 10 ሰዓት ከ5 ላይ ስትገባ «ውይ፣ ትራፊኩ አይጣል ነው!» ትላለች። የቀራቸው 55 ደቂቃ ነው።

በዚያች ቅጽበት ከሐና አፍ የሚወጣው ሳይታወቃት የተዘጋጀ ነው፤ «አንቺ እኮ ሁሌም እንዲህ ነሽ። ለሰው ሰዓት ግድ የለሽም። ንቀሽኝ ነው እንጂ አለቃሽ ቢሆን ታረፍጂ ነበር?» እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ተራ በተራ እንያቸው። «ሁሌም» የምትለዋ ቃል ለመሠረት ማምለጫ ትሰጣታለች፤ «በልደትሽ ቀን ከሁሉ ቀድሜ አልመጣሁም?» ስትል ክርክሩ ስለ ቅዳሜ መሆኑ ይቀርና የዓመቱን ቀጠሮ መቁጠር ይሆናል። «ግድ የለሽም» በጠባይዋ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። «ንቀሽኝ ነው» ደግሞ ስለ መሠረት ልብ የሚናገር ነው፤ በልቧ ያለውን ከሐና ይልቅ የምታውቀው እሷ ናትና መከራከሯ አይቀርም። ከሁሉም የሚገርመው፣ በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ስለ ልጇ፣ ስለ 55 ደቂቃዋና ስለ ባዶው ወንበር አንድም ቃል አልተነገረም። መሠረት ወቀሳውን ሰማች እንጂ የደረሰውን ነገር አልሰማችም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቶማስ ጎርደን በ1970 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለወላጆች በጻፈው መጽሐፍ ይህንን ልዩነት በሰፊው አሳውቆታል። እንደ እርሱ አባባል ያስቸገረንን ነገር ስንናገር ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፤ የሆነው ድርጊት ያለ ፍርድ፣ በእኛ ላይ ያደረሰው የሚጨበጥ ጉዳት፣ እና የተሰማን ስሜት። ከሦስቱ በጓደኞች መካከል ብዙውን ሥራ የሚሠራው መካከለኛው ነው። «ከፋኝ» ብቻ ቢባል ሰሚው «ለዚህ ይከፋል እንዴ?» ሊል ይችላል። «ልጄን ያስያዝኩት እስከ 11 ብቻ ነበር» ለሚለው ግን መልስ የለውም፤ የሆነ ነገር ነውና። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት ቦታ አለ። «እንደናቅሽኝ ይሰማኛል» ስሜትን መግለጽ ይመስላል፤ ሲፈተሽ ግን ክሱ ያው ነው፣ «ይሰማኛል» የተጨመረው ለማለስለስ ብቻ ነው። መለያው ቀላል ነው። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ግስ የሌላውን ሰው ሐሳብ የሚገምት ከሆነ ስሜት አይደለም።

ግምቱን መተው የሚጠቅመው ለጨዋነት ብቻ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ስለሚሳሳትም ነው። ዳንኤል ካህነማን እና ኤሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 ሰዎች አንድ ሥራ የሚወስደውን ጊዜ አሳንሰው የመገመት ዝንባሌ እንዳላቸው ጽፈዋል። በ1994 የታተመ የካናዳ ጥናት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቆ ነበር። በአማካይ 34 ቀን ያህል ብለው የገመቱት 55 ቀን ያህል ፈጅቷል። ለጽሑፋቸው ግድ ስለሌላቸው አልነበረም። መሠረትም ከቤቷ መገናኛ ድረስ ስታስብ ትዝ የሚላት ታክሲው ወዲያው ተገኝቶ መንገዱ የተከፈተበት አንድ ቀን ነው። ሰልፉን፣ ቁልፍ ፍለጋውን፣ ከደጅ ላይ ተመልሳ የምትወስደውን ጃንጥላ አትቆጥርም። «መንገድ ላይ ነኝ» የሚለው ውሸቷም ቢሆን ከእፍረት የሚመጣ እንጂ ከንቀት የሚመጣ ላይሆን ይችላል። ይህ ጥፋቷን አያነሳላትም፤ ሐና ልትጠይቃት የሚገባውን ነገር ግን ይለውጣል። «አክብሪኝ» ብትላት መሠረት ድሮም እንደምታከብራት ታውቃለችና የምታደርገው ነገር አይኖርም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። መሠረት እያለከለከች በገባችበት ቅጽበት የሚነገር ነገር ሁሉ፣ ቃሉ ምንም ቢለሰልስ፣ ቁጣ ሆኖ ይሰማል፤ እሷ ራሷ አፍራ ስለመጣች ለመከላከል ተዘጋጅታለች። በቴሌግራም መጻፍም አይመረጥም፤ ድምፅ የሌለው ቅሬታ ከተጻፈበት ይልቅ ከርሮ ይነበባል። የሚሻለው አንድ ወይም ሁለት ቀን አሳልፎ፣ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ በተለይ አብረው ሲራመዱ ወይም በስልክ ሲያወሩ ማንሳት ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ ሊያዝ ሲል ደግሞ ከሁሉ ይመቻል፤ ነገሩ ካለፈው ይልቅ ስለሚመጣው ይሆናልና። ጓደኛ በተሰበሰበበት ማንሳት ግን ሰውን ማዋረድ ነው።

ሐና ሰኞ ማታ እንዲህ ልትል ትችላለች፤ «መሲ፣ የቅዳሜውን ነገር ልንገርሽ። ልጁን ለእማዬ ትቼ የመጣሁት እስከ 11 ብቻ ነበር። አንቺ 10 ካለፈ በኋላ ስለመጣሽ አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረንም። ስለ ሥራዬ ላማክርሽ ያሰብኩትን ሳልነግርሽ ተመለስኩ፣ በጣም ነው የከፋኝ። ለሚቀጥለው፣ በሩን ቆልፈሽ ስትወጪ ደውይልኝ፤ እኔም ከቤት የምነሳው ያኔ ይሆናል።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ልብ ይሏል። «ሰዓት አክብሪ» ሊለካ የማይችል ልመና ነው። «በሩን ቆልፈሽ ደውይ» ግን ወይ ይደረጋል ወይ አይደረግም፤ ደግሞም አርፋጇ የምትሳሳትበትን ግምት ከመካከል ያወጣዋል።

መልሱ ሁልጊዜ «እሺ» አይሆንም። መሠረት «ትራፊኩን ታውቂው የለ?» ብትል ስለ ትራፊክ መከራከር አያስፈልግም፤ «አውቃለሁ፣ መንገዱን አንቺ አልዘጋሽውም። እኔ የምለምንሽ ስልኳን ብቻ ነው» ማለት ይበቃል። «አንቺስ ባለፈው ቀርተሽ የለ?» ብትል፣ እውነት ከሆነ «ልክ ነሽ» ብሎ ተቀብሎ ወደ ነገሩ መመለስ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው «አዎ፣ እኔ መጥፎ ጓደኛ ነኝ፣ ተይኝ» ማለቷ ነው። ያኔ ሐና ልታጽናናት ትሯሯጥና የመጣችበትን ጉዳይ ትረሳዋለች። «መጥፎ ጓደኛ ብትሆኚማ ቀርተሽ ስንት ጊዜ ታስጠብቂኝ ነበር? ናፍቀሽኝ ነው የምነግርሽ። ትደውይልኛለሽ?» ብላ ብትመልስ ልመናው ቦታውን አይለቅም። «የአንድ ቀን ነገር ነው» ካለቻት ደግሞ ሌላ አንድ ቀን ብቻ መጥቀስ ይበቃል። ዝርዝር ከተነበበ ወዳጅነቱ ፍርድ ቤት ይሆናል።

ከመናገር በፊት መጠየቅ የሚሻልበት ጊዜም አለ። ድሮ በሰዓቱ ትመጣ የነበረች ጓደኛ በቅርቡ ማርፈድ ከጀመረች የታመመ ወላጅ እያስታመመች፣ ሰዓት የማይለቅ አለቃ ገጥሟት ወይም ራሷ ጤና አጥታ ሊሆን ይችላል። «ሰሞኑን ሁኔታሽ ተለውጦብኛል፣ ደህና ነሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ላይ ቀዳሚ ነው። በዕድሜ ወይም በማዕረግ ለሚበልጥ ወዳጅ ደግሞ የድርሻውን ጥፋት ሳያነሱ የራስን ችግር ብቻ ማስቀደም ያዋጣል፤ «ጋሼ፣ እኔ 11 ሰዓት ላይ መነሳት ግድ ስለሚሆንብኝ፣ ሰዓቱ የሚመችዎትን ቢነግሩኝ በዚያው እቀጥራለሁ» ቢባል ክብሩም መልእክቱም አይጓደልም።

ከንግግሩ በኋላ የሚመጣው ቀጠሮ ውጤቱን ያሳያል። መሠረት ስትወጣ ደውላ 20 ደቂቃ ብታረፍድ ነገሩ እየሠራ ነው፤ ሐናም «ተአምር!» ብላ መሳለቅ አይኖርባትም፣ «ስለደወልሽ ቤቴን ሳስተካክል ቆየሁ» ብትላት ይበቃል። ስልኩም ሰዓቱም ከቀሩ ወሰን ማበጀት ይቻላል፤ ወሰን ግን ዛቻ እንዳይሆን አስቀድሞ ይነገራል። «ከግማሽ ሰዓት በላይ መጠበቅ አልችልም፣ ካለፈ ወደ ቤት እመለሳለሁ፣ ሌላ ቀን እንገናኛለን» ብላ ከተናገረች፣ ሰዓቱ ሲያልፍ በእርግጥ መሄድ አለባት፤ ማታ ሲደዋወሉም ሳታኮርፍ እንደወትሮው ማውራት አለባት። ይህም ካልለወጠው የቀጠሮውን ዓይነት መለወጥ ነው። ካፌውን ትታ «ቅዳሜ ቤት ነኝ፣ በተመቸሽ ሰዓት ነይ» ብትላት፣ መሠረት 9 ላይም 10 ላይም ብትመጣ ሐና ልጇን እያጫወተች ትቆያለች፤ አስተናጋጅም ባዶ ወንበርም የለባትም።