የማርሽ ሳጥን ኩሽኔታ ስንት ሰዓት ያገለግላል?

በኩሽኔታ አምራቾች ካታሎግ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ C የሚል ፊደልና በኪሎ ኒውተን የተጻፈ አኃዝ ይገኛል። መሠረታዊ የተንቀሳቃሽ ጭነት አቅም ይባላል። 6208 በሚል ቁጥር የሚሸጠው፣ 40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሻፍት ላይ የሚገባው ባለ ኳስ ኩሽኔታ በአንድ አምራች ካታሎግ 32.5 ኪሎ ኒውተን ተጽፎለታል፤ 3.3 ቶን ያህል ክብደት መሆኑ ነው። አኃዙን ያየ ሰው ኩሽኔታው ይህን ያህል ይሸከማል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ግን እንዲያ አይደለም። C የሚናገረው ስለ ዕድሜ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ብዙ ኩሽኔታዎች በዚህ ጭነት ቢሽከረከሩ፣ ከመቶው 90ዎቹ አንድ ሚሊዮን ዙር ሳይላጡ ይጨርሳሉ ማለት ነው። በደቂቃ 960 ጊዜ ለሚዞር ሻፍት አንድ ሚሊዮን ዙር የ17 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው። የዚሁ ኩሽኔታ የቆመ ጭነት አቅም ደግሞ 19 ኪሎ ኒውተን ስለሆነ፣ በተግባር C ያህል ጭነት የሚያሸክመው የለም። C ለስሌት መነሻ የተቀመጠ ጭነት ነው።

ዕድሜው በመቶኛ የሚነገረው ብረት እኩል ስለማይደክም ነው። ኳሱ በቀለበቱ ላይ ባለፈ ቁጥር ከመሮጫው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ብረት ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። በሚሊዮኖች ከሚቆጠር ምልልስ በኋላ ደካማ ነጥብ ካለበት ቦታ ስንጥቅ ይነሣና ወደ ላይ ወጥቶ ወለሉን ይቀርፈዋል። ደካማው ነጥብ የት እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ኩሽኔታዎች እንኳ ዕድሜያቸው በብዙ እጥፍ ይለያያል። ስዊድናውያኑ ሉንድበርግና ፓልምግሬን በ1947 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ንድፈ ሐሳብ ይህን መበታተን በስታቲስቲክስ ቋንቋ አስቀመጠው፤ ዛሬ ISO 281 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ የሚገኘው ቀመርም የቆመው በእሱ ላይ ነው፦

```
L10  = (C / P)^3
L10h = L10 × 1000000 / (60 × n)
```

L10 ከመቶ 90ዎቹ የሚደርሱበት ዕድሜ በሚሊዮን ዙር፣ L10h ያው ዕድሜ በሰዓት፣ n ደግሞ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። P ኩሽኔታው ላይ በእርግጥ የሚያርፈው ጭነት ነው። በኳስ ፈንታ ሮለር ያለው ኩሽኔታ ከሆነ 3 በ10/3 ይተካል። በዚህ ሥራ ቀመሩ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ልፋቱ ትክክለኛውን P ማግኘት ላይ ነው።

ለምሳሌ የዕቃ ማጓጓዣ ቀበቶ የሚያንቀሳቅስ ማርሽ ሳጥን ይወሰድ። የመግቢያው ሻፍት ከሞተሩ 30 ኪሎ ዋት ይቀበላል፤ በደቂቃ 960 ይዞራል። ኃይሉ በ9550 ተባዝቶ በዙሩ ሲካፈል ቶርኩ 298 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በሻፍቱ ላይ ያለው ማርሽ ጥርሶቹ በ15 ዲግሪ ያዘነበሉ ሄሊካል ነው፤ ጥርሶቹ የሚገናኙበት ክብ ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር ነው። ቶርኩ በ50 ሚሊ ሜትሩ ራዲየስ ሲካፈል ጥርሱን የሚገፋው ኃይል 5970 ኒውተን ገደማ ይመጣል። ጥርሶቹ ያዘነበሉ በመሆናቸው 1600 ኒውተን ሻፍቱን በቁመቱ አቅጣጫ ይገፋዋል። የጥርሱ ጎን ደግሞ የተለመደው የ20 ዲግሪ ቅርጽ ስላለው፣ 2250 ኒውተን ሁለቱን ማርሾች ለማራራቅ ይታገላል።

ማርሹ 200 ሚሊ ሜትር በሚራራቁት ሁለት ኩሽኔታዎች መካከል፣ እኩል ርቀት ላይ ተቀምጧል። ጥርሱን የሚገፋው ኃይል ለሁለቱ እኩል ይደርሳል፤ ለእያንዳንዳቸው 2985 ኒውተን። የሚያራርቀው ግን እኩል አይከፈልም። በቁመት የሚገፋው 1600 ኒውተን የሚያርፈው ከሻፍቱ መሐል 50 ሚሊ ሜትር ርቆ ስለሆነ ሻፍቱን ሊያጋድለው ይሞክራል፤ ከአንደኛው ኩሽኔታ ላይ 400 ኒውተን ያነሣና ሌላኛው ላይ ይጨምራል። ጭነት የበዛበት ጫፍ በዚህ አቅጣጫ 1525 ኒውተን ያገኛል። ሁለቱ አቅጣጫዎች ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚፈጥሩ በፓይታጎረስ ሲደመሩ በዚህ ጫፍ ላይ የሚያርፈው የጎን ጭነት 3350 ኒውተን ይሆናል።

ሻፍቱ በቁመቱ እንዳይንሸራተት የተያዘው በዚሁ ጫፍ ከሆነ፣ ኩሽኔታው የ1600 ኒውተኑንም ግፊት ይሸከማል። ሁለቱን ወደ አንድ P ለመለወጥ ካታሎጉ ሁለት ማባዣዎችን ይሰጣል። ለ6208 በዚህ ግፊት መጠን ለጎን ጭነቱ 0.56፣ ለቁመቱ ግፊት 1.5 ገደማ ናቸው። ውጤቱ 4280 ኒውተን ነው። ከግማሽ በታች የሆነው የቁመት ግፊት ከጎን ጭነቱ ይልቅ P ውስጥ ብዙ ድርሻ መያዙ ልብ ይባል፤ ባለ ኳስ ኩሽኔታ በጎን የመጣበትን ይወዳል፣ በቁመት የሚገፋውን ግን በውድ ያስከፍላል።

32.5 ለ4.28 ሲካፈል 7.6 ይሆናል፤ ይህ በሦስተኛ ደረጃ ሲነሣ 438 ሚሊዮን ዙር፣ በሰዓት ሲቆጠር 7600። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ማሽን ከሦስት ዓመት ብዙም አይበልጥም። ቀኑን ሙሉ በሙሉ ጭነት ለሚሠሩ ማሽኖች ግን በአብዛኛው ከ20 ሺህ ሰዓት በላይ ይፈለጋል።

መፍትሔው ሻፍቱን ሳይነኩ ወፈር ያለውን 6308 መትከል ሊሆን ይችላል። የውስጥ ቀዳዳው ያው 40 ሚሊ ሜትር፣ C ግን 42.3 ነው። ማባዣው ትንሽ ስለሚጨምር P 4480 ይደርሳል፤ ዕድሜው ወደ 14,500 ሰዓት ያድጋል። C በ30 በመቶ ሲጨምር ዕድሜ እጥፍ ገደማ የሚሆነው በሦስተኛው ደረጃ ምክንያት ነው። አሁንም 20 ሺህ አይሞላም፤ ለዚያ 47 ኪሎ ኒውተን አካባቢ C ያስፈልጋል። ዲዛይነሩ ወይ ሻፍቱን ያወፍራል፣ ወይ የቁመቱን ግፊት ለሌላ ኩሽኔታ ይሰጣል።

ያው ሦስተኛ ደረጃ በተቃራኒውም ይሠራል። ቀበቶው ድንጋይ እየተጫነበት በጭነቱ ላይ 25 በመቶ ንውጽውጽታ ቢጨመር ዕድሜው በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ንውጽውጽታ ያለበት ሥራ ከስሌቱ በፊት ጭነቱ በማባዣ ከፍ ይደረጋል፤ ይህን መርሳት ከዘርፉ የተለመዱ ስህተቶች አንዱ ነው። ቀመሩም ገደብ አለው፦ P ከC ግማሽ ካለፈ አይታመንም። ዘይቱ የሳሳ ወይም አቧራና የብረት ብናኝ የገባበት ከሆነም ዕድሜው ከስሌቱ እጅግ ያንሳል፤ ISO 281 ይህን የሚያርም ማባዣ አለው።

ኩሽኔታው ሲፈታ በእርግጥ በድካም መሞቱ ከመሮጫው ይታወቃል። ጭነቱ ባረፈበት የቀለበቱ ክፍል ላይ ወለሉ ተቀርፎ ሻካራ ጉድጓድ ይታያል፤ ቀሪው ያንጸባርቃል። ቀለበቱ ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ከተለወጠ ዘይት አጥቶ ሞቋል። ገና በጥቂት መቶ ሰዓት የጮኸ ኩሽኔታ መሮጫው ላይ ልክ ኳሶቹ የሚራራቁትን ያህል የተራራቁ ጠባሳዎች ካሉበት፣ ሲገጠም በተሳሳተው ቀለበት ላይ በመዶሻ ተመትቷል። ሻፍት ላይ የሚጠብቅ ኩሽኔታ መገፋት ያለበት በውስጠኛው ቀለበት ብቻ ነው፤ በውጭኛው ሲመታ ግን ምቱ በኳሶቹ አልፎ መሮጫውን ይጠባስሰዋል። እንዲህ የተጎዳውን ከፍ ባለ C ቢተኩትም፣ አገጣጠሙ ካልተስተካከለ አዲሱም በዚያው ይበላሻል።