ሁለተኛው ዳቦ ቤት በቀን ስንት ዳቦ መሸጥ አለበት?

ለማርኬቲንግ ተማሪዎች ከሚሰጡት የቤት ሥራዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ «አንድ የሰፈር ዳቦ ቤት ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍት አስቧል፤ የማርኬቲንግ ዕቅድ አዘጋጁለት።» ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አሜሪካዊው ጄሮም ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ካሰፈራቸው አራት ርዕሶች ነው፦ ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ። በየርዕሱ አንድ አንድ ገጽ ሲሞላ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ኪራዩን የሚከፍለው ባለቤት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ አዲሱ ሱቅ በቀን ስንት ዳቦ ቢሸጥ ያዋጣል?

ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ዳቦ ቤት ጀሞ ሦስት ላይ መሸጫ ሊከፍት ነው እንበል። ዳቦው የሚጋገረው በነባሩ ቤት ነው፤ አዲሱ ሱቅ መሸጫ ብቻ ይሆናል። የዱቄት ዋጋም ሆነ ኪራይ ስለሚለዋወጥ እዚህ ያሉት የብር መጠኖች ለማስያ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ዳቦ በ10 ብር ይሸጣል። ለዱቄት፣ ለእርሾ፣ ለመብራትና ለማጓጓዣ 7 ብር ይወጣበታል፤ 3 ብር ይተርፋል። የሱቁ ኪራይ፣ የሻጮቹ ደመወዝና ሌላው ቋሚ ወጪ በወር 75,000 ብር ነው። ይህን ለሦስት ስናካፍል በወር 25,000 ዳቦ፣ በቀን ደግሞ 833 ገደማ እናገኛለን።

ብዙ ዕቅዶች እዚህ ላይ ይቆማሉ። ሁለቱ ሰፈሮች ግን ሩቅ አይደሉም። ድሮ ጀሞ አንድ ድረስ ይመጣ የነበረ ደንበኛ አሁን ከደጁ ይገዛል፤ ባለቤቱ ከእሱ የሚያገኘው አዲስ ገንዘብ የለም። ከአዲሱ ሱቅ ገዢዎች አምስተኛው እጅ እንዲህ ያለ ነባር ደንበኛ ከሆነ፣ ኪሳራ ላለማየት በቀን 1,040 ያህል ዳቦ መሸጥ ያስፈልጋል። ይህን ድርሻ አስቀድሞ ለመገመት ነባሩ ቤት ውስጥ ለአንድ ሳምንት ገዢዎችን «ከየት ሰፈር መጡ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መመዝገብ ይበቃል።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ምድጃው ይችለው እንደሆነ ማየት ይገባል። ከ65 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ ውኃው ስድሳ በመቶ ያህል ሲሆን፣ 104 ኪሎ ሊጥ ይወጣል፤ መቶ መቶ ግራም ሲቆረጥ 1,040 ዳቦ ነው። ምድጃው በአንድ ጊዜ 180 ዳቦ ቢይዝና ማስገባቱና ማውጣቱ ተጨምሮ አንዱ ዙር 25 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ስድስት ዙር፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠይቃል። ብዙው ገዢ ጠዋት ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ስለሚመጣ፣ ይህ ሥራ በአብዛኛው ሌሊት ላይ መውደቁ አይቀርም። ጋጋሪዎቹ ቀድሞውንም ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩ ከሆነ ችግሩ ከገበያው ሳይሆን ከምድጃው ነው።

ሱቁን ለመምረጥ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ መቁጠር ያሳስታል። የሚቆጠሩት በፌስታል ዳቦ ይዘው የሚያልፉት ናቸው፤ ጠዋትና ማታ፣ በሥራ ቀንና እሁድ፣ የመንገዱ ሁለት ጎን ለየብቻ። ማታ ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚገባው ሰው የሚሄድበት ጎን ከማዶው የተሻለ ሊሸጥ ይችላል።

ዋጋ ላይ ደግሞ የመክፈቻ ቅናሽ በጣም ያጓጓል። ዳቦው 9 ብር ቢሆን ገዢው የሚያተርፈው 1 ብር ነው፤ የሻጩ 3 ብር ግን 2 ይሆናል። ያንኑ 75,000 ብር ለመሸፈን 37,500 ዳቦ ያስፈልጋል፤ አንድ አስረኛ ቅናሽ ሽያጩ በግማሽ እንዲጨምር ያስገድዳል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አምባሻ ቆርሶ ማስቀመስ ወጪው የታወቀና የሚያበቃበት ቀን ያለው ነው፤ ነባር ደንበኞችም ቅናሹን ፍለጋ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው አይሻገሩም።

መክፈቻውም ጾምን ማየት አለበት። ተራ ዳቦ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናትም ይበላል፤ የክሬም ኬክ ግን ጿሚው አይገዛውም። ኬክ ያለበት ዕቅድ የፋሲካን ሰሞን ሽያጭ ለዓመቱ ሁሉ ካባዛው ግምቱ ይሳሳታል።

ሱቁ ከተከፈተ በኋላ የሚታየው የሁለቱ ቤቶች ድምር ነው። ነባሩ ቤት በቀን 1,500 ዳቦ ይሸጥ ነበር፤ አሁን 1,300 ሆነ እንበል። አዲሱ 1,050 ሸጠ። የአዲሱን ካዝና ብቻ ያየ ሰው ከ833 በብዙ በልጧል ይላል። እውነተኛው ጭማሪ ግን 850 ነው፤ በቀን የሚተርፈውም ወደ 50 ብር ብቻ። ለዚህ ነው ዕቅዱ የየዕለቱን ሽያጭ፣ ማታ ያደረውን ዳቦና ዳቦው ያለቀበትን ሰዓት ለሁለቱም ቤቶች በአንድ መዝገብ የሚያስይዘው። በሦስተኛው ወር የተጣራው ጭማሪ ከ833 በታች ከሆነ ምን እንደሚደረግ፣ ኪራዩ ይደራደር ወይስ ሱቁ ይዘጋ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በዕቅዱ ውስጥ ይጻፋል።