ትንፋሽ ሲወጣ ልብ ይረጋል

የሁለት ጣቶቻችሁን ጫፍ በሌላው እጃችሁ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት ሥር ዝቅ ብላችሁ አሳርፉ። ትርታውን ስታገኙት በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ፤ ከዚያም ቀስ ብላችሁ አውጡ። በተለይ በወጣትነት ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ለውጡ ይታወቃል፦ ሲስብ ትርታው ይፈጥናል፣ ሲያወጣ ይዘገያል። ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ካርል ሉድቪግ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1847 መዝግቦታል። ብዙዎች ሲያስተውሉት ይደነግጣሉ፤ ነገር ግን የጤነኛ ልብ ጠባይ ነው።

ልብ የሚቆጣጠራት ነርቭ ባይኖር በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ትመታ ነበር። አርፈን ስንቀመጥ ወደ 70 የሚያወርዳት በዋናነት ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ደረትና ወደ ሆድ ይወርዳል። ልብ ጋ ሲደርስ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይለቃል፤ ይህም እንደ መኪና ፍሬን ምቱን ያቀዘቅዛል። ኦቶ ሎቪ ይህን ያረጋገጠበት መንገድ አስገራሚ ነው። የአንዲት እንቁራሪት ልብ ላይ ቬገስን አነቃቅቶ ምቱን አዘገየ፤ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ወደ ሌላ ልብ ሲጨምረው ያኛውም ዘገየ። ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን፣ በ1936 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

አየር ስንስብ የአንጎል ግንድ ይህንን ፍሬን ላላ ያደርገዋል፤ ስናወጣ መልሶ ይይዘዋል። ስለዚህ ማውጣቱ ረዘም ሲል ልብ የሚረጋበት ጊዜም ይረዝማል።

ፍጥነቱስ ለምን በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይባላል? በአንገትና በልብ አጠገብ ባሉ ትልልቅ የደም ሥሮች ውስጥ የደም ግፊትን የሚከታተሉ ነርቮች አሉ። ግፊቱ ከፍ ሲል ቬገስን ቀስቅሰው ልብን ያዘገያሉ፤ የዚህ ዑደት ሙሉ ምልልስ ደግሞ አሥር ሰከንድ ያህል ይወስዳል። አንዱን ትንፋሽ በአሥር ሰከንድ ስንጨርስ ሁለቱ ይገጥማሉ፣ የልብ ምት ውጣ ውረዱም ይሰፋል። ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ መቁጠሪያ ይዞ በላቲን መጸለይም ሆነ የዮጋ ማንትራ መድገም ትንፋሽን ወደዚሁ ስድስት ገደማ እንደሚያወርድ አሳይተዋል።

በጀርባችሁ ተኝታችሁ አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንዱን እምብርት ላይ አድርጉ። ዳያፍራም፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ወደ ታች ሲወርድ ሆድ ይነሳል፤ የደረቱ እጅ ብዙም አይነቃነቅም። አራት ሰከንድ ሳቡ፣ ስድስት ሰከንድ አውጡ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቀጥሉ። መረጋጋቱ ምን ያህሉ ከቬገስ፣ ምን ያህሉ ሐሳብን በትንፋሽ ላይ ከማሳረፍ እንደሚመጣ ግን ተመራማሪዎች ገና ይከራከራሉ።

የተለመደው ስህተት ከመጠን በላይ አየር መጎተት ነው። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ይዞራል፣ ከንፈርና ጣት ይነዝራል። እንዲህ ከተሰማችሁ ፍጥነቱን ሳትጨምሩ ትንፋሹን አሳንሱት። ካልተሻላችሁ ልምምዱን ትታችሁ እንደወትሮው ተንፍሱ። ትርታው ከትንፋሽ ጋር ሳይሄድ ዝም ብሎ የተዘበራረቀ ከሆነ ግን፣ ልምምዱን አቁማችሁ ሐኪም እንዲያዳምጠው አድርጉ።