በካርድ ስንገዛ፦ ኮዱ የሚያየውና የማያየው

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀች አንዲት ወጣት ለውጭ አገር ትምህርት የማመልከቻ ክፍያ 50 ዶላር ልትከፍል ነው እንበል። ፒያሳ ካለው ኤቲኤም ብር የምታወጣበት ካርድ ለዚህ ክፍያ አይበቃትም። የውጭ ድረ ገጽ የሚቀበለው እንደ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያለ፣ በባንክ በኩል ዶላር የተሞላበት ካርድ ነው። እሱንም አግኝታለች፤ ቀሪው መክፈል ነው።

ድረ ገጹ የሚጠይቃት ካርዱ ላይ የተጻፈውን ነው፦ ረጅሙን ቁጥር፣ ካርዱ የሚያበቃበትን ወርና ዓመት፣ ከጀርባው ያሉትን ሦስት አሃዞች። ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ካርዱን በሁለት በኩል ፎቶ ያነሳ ሰው ሁሉ እነዚህን ያገኛቸዋል። ስለዚህ ፎቶውን «እስኪ ክፈልልኝ» ብሎ በቴሌግራም መላክ ካርዱን አሳልፎ እንደመስጠት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሸፈን ቪዛ በ2001 እ.ኤ.አ. ግድም አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አመጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ልጅቷ «ክፈይ» የሚለውን ስትነካ ሻጩ ወደ ባንኳ ያስተላልፋታል። ባንኩ አስቀድማ ወዳስመዘገበችው ስልክ የአንድ ጊዜ ኮድ ይልካል፤ ብዙዎቻችን ኦቲፒ የምንለውን። ኮዱን ስትጽፍ ባንኩ «አዎ፣ ባለቤቷ ናት» ይልና ክፍያው ያልፋል። ኮዱ የሚሠራው ለዚያ ክፍያ ብቻ ነው፤ ዕድሜውም ጥቂት ደቂቃ ነው።

ኔትወርክ በሚቆራረጥባቸው እንደ ዳባትና ደባርቅ ባሉ ደጋማ ቦታዎች ይህች ጥቂት ደቂቃ ታስቸግራለች። መልእክቱ ሲዘገይ ሰው «ድጋሚ ላክ» የሚለውን ደጋግሞ ይነካል። ከዚያ ሦስት ኮድ ተከታትሎ ይመጣል፤ እሱም መጀመሪያ የመጣውን ይጽፋል። ብዙውን ጊዜ ግን አዲሱ ሲላክ አሮጌው ስለሚሰረዝ የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው። ደጋግሞ መሳሳት ደግሞ ካርዱን ሊያስዘጋ ይችላል። ሲም የቀየረ ሰውም ከመግዛቱ በፊት አዲሱን ቁጥር ባንክ ሄዶ ያስመዝግብ፤ አለዚያ ኮዱ ወደ አሮጌው ስልክ ይሄዳል፤ ያ ቁጥር ዛሬ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ሌባው እንምጣ። ሌባው የማመልከቻውን ገጽ የሚመስል ሐሰተኛ ገጽ ሠርቷል። ልጅቷ ካርዷን እዚያ ስትጽፍ እሱ በዚያው ቅጽበት ሌላ ሱቅ ውስጥ የ400 ዶላር ስልክ ይገዛበታል። ባንኩ ኮድ ይልካል፤ ኮዱ እውነተኛ ነው፣ የመጣውም ከእውነተኛው ባንክ ነው። እሷ ሐሰተኛው ገጽ ላይ ስትጽፈው ሌባው ወስዶ ይጠቀምበታል። ኮዱ ባለቤቷን ለይቷል እንጂ ሻጩን አልመረመረም። አድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት ቢኖርም አያድናትም፤ ምልክቱ የሚናገረው መስመሩ የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው፤ ሐሰተኛ ገጽም ይኖረዋል።

ሊያስጥላት የሚችለው መልእክቱ ራሱ ነው። ብዙ ባንኮች ከኮዱ ጋር የገንዘቡን መጠንና የሻጩን ስም ይጽፋሉ። 50 ዶላር ልትከፍል ተቀምጣ 400 የሚል ካየች፣ ወይም የማታውቀው ሱቅ ስም ከመጣ፣ ኮዱን ሳትጽፍ ትተወው። እኛ ግን ዓይናችን ቁጥሩ ላይ ይሮጥና ዐረፍተ ነገሩን አናነብም። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚለውም ሰው የሚፈልገው ያንኑ ቁጥር ነው። ኮዱ ገንዘብ ያስወጣል፤ ገንዘብ ለመቀበል ወይም ሽልማት ለመውሰድ አያስፈልግም።

ከዚህም በላይ ኮድ ጭራሽ የማይጠይቁ ሻጮች አሉ፤ በተለይ በየወሩ የሚቆርጡት። ቨርቹዋል ካርድ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ፕላስቲክ የለውም፤ የራሱ ቁጥር፣ ማብቂያ ቀንና ሦስት አሃዝ ያለው፣ በስልክ መተግበሪያ ውስጥ የሚኖር ካርድ ነው። ጣሪያ ይደረግበታል፣ ይታገዳል፣ አንዳንዱም ከአንድ ግዢ በኋላ ይሞታል። አሜሪካ ያለ ወንድም ለእህቱ የራሱን ካርድ ፎቶ ከሚልክላት 60 ዶላር ጣሪያ ያለው ቨርቹዋል ካርድ ቢያወጣ ይሻላል፤ የካርዱ ውል ለሌላ ሰው መስጠትን የሚፈቅድ መሆኑን ግን አስቀድሞ ይይ። ቁጥሩ ቢሰረቅ እንኳ ጉዳቱ ከጣሪያው አያልፍም። ጣሪያው ልክ 50 እንዳይሆን፤ ለምንዛሪ የሚቆረጥ ተጨማሪ ሒሳብ ወይም ሻጩ ለሙከራ የሚይዘው አንድ ዶላር ክፍያውን ያስከለክላል።

ለአውሮፕላን ትኬትና ለሆቴል ግን እኔ ቨርቹዋሉን አልመርጥም። አንዳንድ አየር መንገዶችና ሆቴሎች የከፈሉበትን ካርድ በእጅ ካላሳያችሁ ይላሉ። ጉዞው ከተሰረዘም ገንዘቡ የሚመለሰው በተከፈለበት ካርድ ላይ ስለሆነ፣ የተዘጋ ካርድ ከሆነ ተመላሹን ለማግኘት ከባንኩ ጋር ብዙ መመላለስ ይጠይቃል።